ናሙናዬ ከከርቩ በላይ ወጣብኝ፣ ስንት ጊዜ ላቅጥነው?

ሰማያዊ ኩቬት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ሥራዬ የቄራ ፍሳሽ ላይ ነው። አሁን ፎስፌት እየለካሁ ነው፣ ያ በአስኮርቢክ አሲድ የሚሠራውንና ሰማያዊ ቀለም የሚያወጣውን። ስታንዳርዶቼ ከ0.1 እስከ 1.0 ሚሊግራም ፎስፈረስ በሊትር ናቸው። 880 ናኖሜትር ላይ አንብቤያቸው ከርቩ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ወጣልኝ፣ A አብዞርባንሱ፣ C የፎስፈረሱ መጠን ነው፦

```
A = 0.62 C + 0.004
```

እስከዚህ ደስ ብሎኛል። ችግሩ ናሙናው ነው። የተጣራውን 50 ሚሊ ወስጄ 8 ሚሊ ሪኤጀንት ጨመርኩበት፣ በደቂቃ ውስጥ እንደ እስክሪብቶ ቀለም ሆነ። ማሽኑ 2.87 አለኝ፣ ከዚያ ቁጥሩ ይዋዥቃል፣ አንድ ቦታ አልቆም አለ። በቀመሩ ስሠራው 4.6 መጣ። አማካሪዬ ጋ ሄጄ ባሳያቸው «ከርቩ ውስጥ አስገቢው» ብለውኝ ወደ ስብሰባ ሄዱ። እሺ፣ ግን ስንት እንዳለው ሳላውቅ ስንት እጥፍ እንደማቀጥነው በምን አውቃለሁ? ናሙናውም የቀረኝ ግማሽ ሊትር ገደማ ነው፣ በሙከራ መጨረስ አልፈልግም።

ቶሎቶሎ፦

ይሄማ ቀላል ነው። 4.6 ከሆነ አሥር እጥፍ አቅጥኚው፣ 0.46 ይሆናል፣ መሃል ላይ ገባሽ። ደግሞ አዲስ ናሙና ማባከን ምን ያስፈልጋል? ያንኑ ሰማያዊውን 5 ሚሊ ወስደሽ በውሃ 50 አድርሺውና አንብቢ። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አሮጌው ፒፔት፦

ቶሎቶሎ ወንድሜ፣ ስምህን ያወጣልህ ሰው ያውቅሃል። «ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ» ነው ነገሩ።

እህቴ፣ ያ 4.6 ቁጥር አይደለም፣ እርሺው። አብዞርባንስ 2.87 ማለት ከገባው ብርሃን ከመቶ 0.2 እንኳ አልወጣም ማለት ነው። ማሽኑ የሚያየው ጨለማ ነው፣ ከውጭ ሾልኮ የገባ ትንሽ ብርሃን ካለ ደግሞ የሚያነበው እሱን ነው። ቁጥሩ የዋዠቀብሽ ለዚህ ነው።

ሰማያዊውን ማቅጠን ለምን እንደማይሆን አንድ ሒሳብ ላሳይሽ፣ እኔ ራሴ ዘግይቼ የገባኝ ነገር ነው። በተለመደው አሠራር 100 ሚሊ ቅልቅል ሪኤጀንት ውስጥ 15 ሚሊ የአሞኒየም ሞሊብዴት መፍትሔ አለ፣ እሱም በሊትር 40 ግራም ነው። ስለዚህ 8 ሚሊው ውስጥ ያለሽ 48 ሚሊግራም ሞሊብዴት ብቻ ነው። ቀለሙ ሲፈጠር አንድ ፎስፌት አሥራ ሁለት ሞሊብደነም ይዞ ነው የሚሄደው። ብትሠሪው ያ 48 ሚሊግራም ተሟጦ ቢያልቅ ሊይዝ የሚችለው 0.7 ሚሊግራም ፎስፈረስ ገደማ ነው፣ በ50 ሚሊ ናሙና ሲሆን በሊትር 14 ሚሊግራም መሆኑ ነው። በተግባር ደግሞ ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ ነው መስመሩ መታጠፍ የሚጀምረው። የቄራ ውሃ ደም አለበት፣ የአንጀት እዳሪ አለበት፣ ከ14 ቢበልጥ አይገርመኝም። ቢበልጥ የተረፈው ፎስፌት ቀለም ሳያገኝ ነው የቀረው። ቀለሙን በኋላ በውሃ ብታቀጥኚው ያልተፈጠረ ቀለም አይፈጠርም። ቁጥሩ ከርቩ ውስጥ ይገባል፣ ያምራል፣ ውሸት ነው።

መቅጠን ያለበት ናሙናው ነው፣ ሪኤጀንቱ ሳይገባ።

ስንት እጥፍ ላልሽው፣ ካላወቅሽ መሰላል ሥሪ። 10 ሚሊ ናሙና ወስደሽ 100 አድርሺው። ከሱ 10 ሚሊ ወስደሽ ሌላ 100 አድርሺ። ከሁለተኛው ደግሞ 10 ወስደሽ ሦስተኛ 100። አሥር፣ መቶ፣ ሺህ። ከየአንዳንዱ 50 ሚሊ ወስደሽ ሪኤጀንት ጨምሪ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው አንብቢ። ከናሙናሽ የሄደው 10 ሚሊ ብቻ ነው።

እርጎ ቤት፦

እኛ ወተት ላይ እንደዚሁ ነው የምናደርገው። 1 ሚሊ በ9 ሚሊ ፔፕቶን ውሃ፣ እስከ ስድስተኛው ቱቦ እንወርዳለን። ሳህኑ ላይ ከ30 እስከ 300 ኮሎኒ ያለውን ብቻ ቁጠሪ፣ ከ300 በላይ ከሆነ «ለመቁጠር የሚያዳግት» ብለሽ ጻፊ። ኢንኩቤተሩ ስንት ዲግሪ ላይ ነው ያደረግሽው?

ሰማያዊ ኩቬት፦

@እርጎ ቤት ወንድሜ ባክቴሪያ አይደለም፣ ፎስፌት ነው 😅 ኢንኩቤተር የለውም።

እርጎ ቤት፦

ውይ፣ «አሥር፣ መቶ፣ ሺህ» የሚለውን አይቼ ዘልዬ ገባሁ። ግን አንድ ነገር ለአንቺም ይሠራል፦ በየደረጃው ፒፔት ቀይሪ። የወፍራሙ ጠብታ ፒፔቱ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ቀጣዩ ከገባ የታችኛው ሁሉ ከፍ ይላል። ደግሞ በደንብ ገልብጠሽ አዋህጂ፣ ፍላስኩን አንዴ ነቅነቅ አድርጎ ማለፍ አይበቃም።

ዱባይ ላብ፦

እኔ ሆስፒታል ላብ ውስጥ ነኝ፣ ፎስፌታችሁን አላውቅም፣ ግን «ከመጠን በላይ ሲሆን ቁጥሩ ይዋሻል» የምትሉት እኛም ጋ አለ። አንዴ የአንዲት እናት የእርግዝና ሆርሞን ታዘዘ። ሐኪሟ ማሕፀኗን አይቶ ሆርሞኑ በጣም ከፍ ይላል ብሎ ጠብቋል፣ ማሽኑ ግን የሰጠን ዝቅ ያለ ቁጥር ነው። እንደገና ብንሠራውም ያው። አንድ ትልቅ ባልደረባችን መቶ እጥፍ አቅጥኑት አለን። ያቀጠንነውን በመቶ ስናባዛው ከመጀመሪያው እጅግ የሚበልጥ ሆኖ አረፈው። ሆርሞኑ ከመብዛቱ የተነሳ ሁለቱን አንቲቦዲዎች ለየብቻ አጥግቧቸው፣ ሆርሞኑን ሁለቱ መሃል የሚይዘው ሳንድዊች ሳይሠራ ቀርቶ ነው። ማሽኑ ግን ምንም ምልክት አልሰጠንም። ከዚያ ወዲህ ከበሽተኛው ሁኔታ ጋር አልገጥም ያለ ቁጥር ካየሁ መጀመሪያ አቀጥናለሁ።

አሮጌው ፒፔት፦

@ዱባይ ላብ አሠራሩ ከዚህኛው ይለያል፣ ያንተ ወደ ታች ይወርዳል፣ የሷ ጣሪያው ላይ ይቀራል። መፍትሔው ግን አንድ ነው።

ሰማያዊ ኩቬት፦

ጋሼ፣ ሠራሁት፣ ግን ግራ ገባኝ። ሁለተኛው ላይ 0.200 አነበበልኝ፣ ቆንጆ ከርቩ ውስጥ ነው። በቀመሩ 0.316 ሆነ። አሥርና አሥር ስላቀጠንኩ በ20 አባዛሁት፣ 6.3 መጣ። ግን ጋሼ ከ14 በላይ ሊሆን ይችላል ብለውኝ ነበር፣ ይሄ ደግሞ ግማሹም አይሞላም። ሌላ ያጠፋሁት ነገር አለ? ያደረግኩት 10 ሚሊ ናሙና ላይ 100 ሚሊ ውሃ በሲሊንደር ለክቼ መጨመር ነው፣ ከሱ 10 ወስጄ ሌላ 100 ውሃ።

አሮጌው ፒፔት፦

ሁለት ነገር ነው፣ ሁለቱም የሁሉም ሰው ስህተት ነው፣ አትፈሪ።

አንደኛ፣ ደረጃዎቹ ይባዛሉ እንጂ አይደመሩም። መጀመሪያ አሥረኛው ቀረ፣ ከዚያ የአሥረኛው አሥረኛ ቀረ። መቶኛው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ እኔ «100 አድርሺው» ነው ያልኩሽ፣ አንቺ 100 ጨመርሽበት። 10 ላይ 100 ስትጨምሪ ጠቅላላው 110 ነው፣ ስለዚህ ያቀጠንሽው 11 እጥፍ ነው። ሁለቴ ስትሠሪው 121። እንግዲህ ከአንዲቷ 0.316 የሚወጡትን እያት፦

```
0.316 x 20  = 6.3
0.316 x 100 = 31.6
0.316 x 121 = 38.2
```

አንድ ንባብ፣ ሦስት መልስ። ልክ የሚሆነው የመጨረሻው ነው፣ እሱም ሲሊንደርሽ በትክክል 100 ለክቶ ከሆነ። ሦስተኛውን ደረጃ እንዲሁ ሠርተሽው ከሆነ 1331 ነው የሚሆነው፣ በሺህ ካባዛሽ አንድ አራተኛው ገደማ ጠፋብሽ። በየደረጃው ትንሽ የሚመስለው ነገር ሲባዛ እንዲህ ነው የሚያድገው። ለዚህ ነው ፍላስክ የተፈጠረው። 10 ሚሊውን በፒፔት አስገቢ፣ ከዚያ አንገቱ ላይ እስካለው ምልክት ውሃ ሙዪ። ስንት ውሃ እንደገባ ማወቅ አያስፈልግሽም።

ማስታወሻ ደብተርሽ ላይም «1 ለ 10» ብለሽ አትተዪው። አንዱ አንድ በዘጠኝ ይለዋል፣ ሌላው አንድ በአሥር። «10 ሚሊ፣ ጠቅላላ 100» ብለሽ ጻፊ፣ ከስድስት ወር በኋላ ራስሽ ታመሰግኚኛለሽ።

ቶሎቶሎ፦

ቆይ ቆይ፣ እዚህ ጋ እኔም አንድ ነገር አለኝ። 50 ሚሊ ላይ 8 ሚሊ ሪኤጀንት ስትጨምር እኮ ጠቅላላው 58 ሆነ። ይሄም ማቅጠን ነው። በ1.16 ማባዛት አለባት። 38.2 ሳይሆን 44.3 ነው።

ሰማያዊ ኩቬት፦

ኧረ እኔም ይሄን አስቤ ነበር፣ ነው እንዴ?

የመስኖ ልጅ፦

አይደለም። ስታንዳርዶቹም እኮ 50 በ8 ናቸው። 0.5 ያልሽው ስታንዳርድ ኩቬት ውስጥ ሲገባ 0.43 ሆኗል፣ ግን ከርቩ ላይ የጻፍሽው 0.5 ብለሽ ነው። መቅጠኑ ከርቩ ውስጥ ተቆጥሯል። ከርቩ የማያውቀውን፣ ናሙናው ላይ ብቻ የሠራሽውን ነው የምታባዢው። እኛ አፈር ላይ ስንሠራ ኤክስትራክት ያደረግንበትን መጠን እናስገባለን፣ ምክንያቱም ስታንዳርዱ ያንን አላለፈም።

ቶሎቶሎ፦

እሺ ተሸነፍኩ። ግን ስታንዳርዱን በሌላ መጠን ሠርታው ቢሆን ልክ ነበርኩ።

የመስኖ ልጅ፦

ያኔ ልክ ነበርክ፣ አዎ።

ሰማያዊ ኩቬት፦

እንደገና ሠራሁት፣ በዚህ ጊዜ በፍላስክ፣ ፒፔት እየቀየርኩ። ፍላስኮቹን ማታ በሞቀ ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አለቅልቄ ነው ያሳደርኳቸው። ውጤቱን በሙሉ ላስቀምጠው፣ በየቅጥነቱ ተባዝቶ፦

```
x1     A = 2.87    4.6
x10    A = 1.93    31.1
x100   A = 0.241   38.2
x1000  A = 0.028   38.7
```

ያ በሲሊንደር የሠራሁትም 38.2 ነበር፣ ገጠመ! ጥያቄዬ፦ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አማካይ ልውሰድ?

አሮጌው ፒፔት፦

አትውሰጂ። ይቺን ዝርዝር ግን ለሚቀጥለው ተማሪ አስቀምጪለት፣ ሁሉ ነገር አለባት። አሥር እጥፉን እዪው። 1.93 ከላይኛው ስታንዳርድሽ ከሦስት እጥፍ ያላነሰ ነው፣ ስለዚህ 31 ብሎ አሳነሰብሽ። ማንም ሰው አሥር እጥፍ ብቻ ሠርቶ ቢያቆም 31 ብሎ ይጽፍና ይሄድ ነበር፣ ለዓይን የሚጎረብጥ ነገር የለውም።

ሺህ እጥፉ ደግሞ ገጠመልሽ እንጂ አልተለካም። 0.028 ማለት ከብላንኩ ብዙም አልራቀም። ኩቬቱ ላይ የጣት አሻራ ቢኖር፣ ንባቡ 0.033 ቢሆን፣ 47 ብሎ ያርፍ ነበር። 0.024 ቢሆን 32። መቶ እጥፉ ላይ ያው 0.005 ቢዛነፍ የምታጪው 0.8 ብቻ ነው። ስታባዢ ስህተቱንም አብረሽ ነው የምታባዢው። በዚህ ዘዴ ባለ 1 ሴንቲሜትር ኩቬት የሚመከረው ከ0.15 እስከ 1.30 ሚሊግራም በሊትር ነው። ያንቺ ሺህ እጥፍ 0.039 ላይ ነው ያለው፣ ከወለሉ በታች።

አሁን ግን ግምት አለሽ፣ መሰላሉ ሥራውን ጨረሰ። ከዚህ በኋላ ወደ ኋላ አስቢ። ከርቩ ላይ ወዴት እንዲያርፍልሽ ትፈልጊያለሽ? 0.7 አካባቢ በይ። 38ን ለ0.7 ስታካፍዪ 54 ይመጣል። 54 የሚሠራ ፍላስክ የለም፣ 50 ግን አለ። ከአሥር እጥፉ ከተረፈሽ 20 ሚሊ ወስደሽ 100 አድርሺው፣ አሥር በአምስት ሃምሳ። 0.76 አካባቢ ማረፍ አለበት። ሃምሳውና መቶው ከተስማሙ ጨረስሽ።

ሰማያዊ ኩቬት፦

ሃምሳ እጥፍ፦ 0.476። በቀመሩ 0.761፣ በ50 ሲባዛ 38.1። መቶው 38.2። 😭😭 ደስታ ነው ይሄ

ዱባይ ላብ፦

እንኳን ደስ አለሽ። አማካሪሽ ከስብሰባ ሲመለሱ ከርቩ ውስጥ ገብቷል በያቸው።

ሰማያዊ ኩቬት፦

ይቅርታ፣ መልሼ መጣሁ። ሁለተኛው ናሙና፣ ከሰዓት የተቀዳው፣ ሌላ ጣጣ ይዞ መጣ። በቀጥታ ሃምሳና መቶ ሠራሁለት። ሃምሳው 0.344 አነበበ፣ 27.4 ይሆናል። መቶው 0.191፣ እሱ ደግሞ 30.2። ሁለቱም ከርቩ መሃል ናቸው! ሁለቴ ሠራሁት፣ ልዩነቱ ያው ነው። ታዲያ የቱ ነው ልኩ?

ቶሎቶሎ፦

አማካይ፣ 28.8 😎

የመስኖ ልጅ፦

ምናልባት ናሙናው ውስጥ ቀለሙን የሚያፍን ነገር ይኖራል። ስታቀጥኚው እሱም ይቀጥናል፣ ስለዚህ መቶው ይበልጥ ለእውነቱ ይቀርባል። ሁለት መቶ እጥፍ ሠርተሽ እዪ፣ እዚያው 30 ላይ ከቆመ እሱ ነው። እኔ መቶውን ነው የማምነው።

አሮጌው ፒፔት፦

ሊሆን ይችላል። ሌላም መንገድ አለ ግን። ስታቀጥኚ ቁጥሩ ከጨመረ ከመጨረሻው ፍላስክ የተጨመረ ነገር እንዳለም ጠርጥሪ። ፍላስኩ ውስጥ ትንሽ ፎስፌት ተጣብቆ ካለ ሃምሳውም ላይ መቶውም ላይ የሚጨምረው እኩል ነው፣ አንቺ ግን አንዱን በ50፣ ሌላውን በ100 ታባዢዋለሽ። የሁለቱ ልዩነት 2.8 ነው። ለ50 ስታካፍዪው 0.056። ማለትም በሊትር 0.056 ሚሊግራም ከየትም መጥቶ ገብቶ ከሆነ ነገሩ ይገጥማል። የውሃሽ ችግር ቢሆን ብላንክሽም በዚያው ውሃ ስለሆነ ይጣፋ ነበር። ፍላስኮቹን በምን አጠብሻቸው?

ሰማያዊ ኩቬት፦

ትናንት እኔ አላጠብኳቸውም። የላቡ ልጅ ሊረዳኝ ብሎ በዱቄት ሳሙና አጥቦ አስቀምጦልኝ ነበር። በጣም ንጹሕ ናቸው እኮ፣ ያብረቀርቃሉ።

አሮጌው ፒፔት፦

ማብረቅረቁን ተዪው። አንዳንድ ዱቄት ሳሙና ፎስፌት አለው፣ ብርጭቆ ላይ ደግሞ ይጣበቃል። ለዚህ ሥራ የሚውል ዕቃ ሳሙና አይነካውም፣ በሞቀ ቀጭን አሲድ ነው የሚለቀለቀው፣ ቀድሞ እንዳደረግሽው። አሁኑኑ ሳታጥቢያቸው ባዶ ውሃ ሙዪባቸው፣ እንደ ናሙና ቆጥረሽ 50 ወስደሽ ቀለም አውጪ።

ሰማያዊ ኩቬት፦

0.038። በቀመሩ 0.055። ጋሼ!! ሁለቱም ፍላስኮች ተቀራራቢ ናቸው። ከሃምሳው ላይ 0.055 በ50 ስቀንስ 24.7፣ ከመቶው ላይ 0.055 በ100 ስቀንስ 24.7።

ታዲያ 24.7 ብዬ ልጻፍ? ናሙናው ከተቀዳ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ ነበር።

የመስኖ ልጅ፦

የኔ መላምት ወደቀ፣ ይሁን። 24.7 ጻፊ፣ ከግርጌ ማስታወሻ ጋር። በሁለት መንገድ ገጥሞልሻል።

አሮጌው ፒፔት፦

እኔ አልስማማም። ሳሙናው በየፍላስኩ እኩል ተጣብቋል ብለሽ ነው የቀነስሽው። ናሙናው የገባበት ጊዜና ባዶ ውሃ የገባበት ጊዜ አንድ አይደለም፣ የመጀመሪያው ሙሌት የተወሰነውን አጥቦ ወስዶት ይሆናል። የመጀመሪያው አሥር እጥፍ ፍላስክም ታጥቦ ከነበረ የሱም ድርሻ አለ፣ ትንሽ ናት፣ አሥር ጊዜ ብቻ ነው የምትባዛው፣ ግማሽ ሚሊግራም ገደማ፣ ግን አልቀነስሻትም። ፍላስኮቹን በአሲድ አለቅልቀሽ ድገሚው።

የመስኖ ልጅ፦

ጋሼ፣ ይሄ ናሙና እኮ 48 ሰዓቱን አልፏል። የሚሟሟ ፎስፌት ከዚያ በላይ አይቀመጥም፣ ባክቴሪያው በልቶትም ለቆትም ይሆናል። አሁን ብትደግመው የምትለካው የዛሬውን ውሃ ነው፣ የዚያን ቀኑን አይደለም።

አሮጌው ፒፔት፦

እንዲያ ከሆነ ሁለቱንም አልወዳቸውም፣ 24.7ንም መድገሙንም። አዲስ ናሙና ቅጂ ነው የምለው።

ሰማያዊ ኩቬት፦

ቄራው የሚፈቅድልኝ ማክሰኞ ብቻ ነው። እስከዚያ ፍላስኮቼን በቁልፍ ነው የማስቀምጣቸው 🙃